ኒውትራል ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይውረድ ወይስ ሰፊ ቱቦ ይበቃል? ልስን ሳይመታ ለኤሌክትሪሺያን የሚላክ መልእክት

እህቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ላይ ቤት እያሠራች ነው። ብሎኬቱ አልቋል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ ኤሌክትሪሺያኑም በመሮና መዶሻ ግድግዳውን መቦርቦር ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ለኤሌክትሪሺያኑ ልትልክለት የጻፈችውን መልእክት «እስቲ እየው» ብላ መጀመሪያ ለእኔ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ወደፊት ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ስለምናስገባ መስመሩን ለእሱ በሚሆን መንገድ ሥራልኝ።»

እንዳትልኪው አልኳት። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ኤሌክትሪሺያን «እሺ፣ ችግር የለም» ይላል፤ ከዚያም እስከዛሬ ሲሠራ እንደኖረው ይሠራዋል። ተንኮል የለበትም። «ለስማርት የሚሆን» ማለት ለእሱ ጥሩ ሽቦ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዋይፋዩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት መጨመር ሊመስለው ይችላል። እኔም የቤት መስመር ስዘረጋ በኖርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደተቀበልኩና ስንቴ በግምት እንደሠራሁ አውቀዋለሁ። ሽቦ መጎተት የሚችለው ሰው ስንት ሽቦ፣ ከየት ወዴት፣ በምን ያህል ቱቦ ተብሎ ሲነገረው ነው። ያንን ለመናገር ደግሞ ባለቤቷ መጀመሪያ ከአማራጮቹ አንዱን መምረጥ አለባት።

መጀመሪያ አሁን በተከራየችበት ከዚራ ያለው ቤት ሄጄ የሳሎኑን ማብሪያ ማጥፊያ ብሬከሩን አጥፍቼ ፈታሁላት። ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ከላይ ከጃንክሽኑ፣ ማለትም ሽቦዎቹ ከሚገናኙበት ሳጥን፣ የሚወርደው ፌዝ ነው፤ ሌላው ማብሪያው ሲጫን ያንኑ ፌዝ ወደ አምፖሉ ይዞ የሚመለሰው። ኒውትራሉ ከጃንክሽኑ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዷል፣ ወደ ማብሪያው አልወረደም። ለተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ እሱ በር ነው፣ ይከፍታል ይዘጋል እንጂ ራሱ ምንም አይበላም።

ስማርቱ ግን ይበላል። ውስጡ ሬዲዮ አለ፣ አምፖሉ ጠፍቶም ቢሆን ከስልክ የሚመጣውን ትእዛዝ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ይጠብቃል። የሚበላው ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዋት አይበልጥም፤ ያችን ታህል እንኳ ለማግኘት ግን ከፌዙ የገባው ከረንት የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ያ መንገድ ኒውትራል ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህች አንዲት ሽቦ መኖርና አለመኖር ነው።

ኒውትራል ሳይኖርስ?

ኒውትራል የማይፈልግ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ይሸጣል፤ ሻጩም «ሁለት ሽቦ ይበቃዋል» ይልሃል። ውሸት አይደለም። መመለሻ መንገድ ስለሌለው የራሱን ከረንት በአምፖሉ በኩል እያሾለከ ነው የሚኖረው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ያቺ ከረንት የአምፖሉን ክር እንኳ አታሞቅም። ዛሬ ግን የምንሰቅለው ኤልኢዲ ነው። የመታጠቢያ ቤቷን አምፖል አንሺና እዪው፣ 5 ዋት ይላል። በ5 ዋት አምፖል ውስጥ ስታልፍ ያቺ ትንሽ ከረንት ውስጡ ያለችውን ካፓሲተር ቀስ በቀስ ትሞላና አምፖሉ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። ወይም ደግሞ ከጠፋ በኋላ እንደ ፍም ደብዘዝ ብሎ ሌሊቱን ያድራል።

መድኃኒት አለው። ከማብሪያው ጋር አንዳንዴ አብራ የምትመጣ ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ እሷ አምፖሉ ላይ፣ በፌዙና በኒውትራሉ መካከል ትታሰርና ሾልኮ የሚመጣውን ከረንት በእሷ በኩል ታሳልፈዋለች። በብዙ ቤት ሠርታልኛለች። እሷ ካልታሰረች ግን አምፖሉ ሲቃጠል መንገዱም ስለሚቋረጥ ማብሪያው አብሮ ይሞታል፣ ከስልኩ ላይም ይጠፋል። ሰው ማብሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል። በዚያ ላይ ዋይፋይ ዚግቢ ከሚባለው ሌላ የሬዲዮ ዓይነት የበለጠ ኃይል ስለሚፈልግ ኒውትራል የሌለው ባለ ዋይፋይ ማብሪያ ይበልጥ አመለኛ ነው። ስለዚህ ይህ መንገድ ተሠርቶ ላለቀ ቤት ነው። ግድግዳው ገና ክፍት ሆኖ እያለ ይህን መምረጥ ጫማ ሳይገዙ ማነከስን መልመድ ነው።

ማብሪያውን ትቶ አምፖሉን ስማርት ማድረግስ? እህቴ መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ ሽቦ መንካት የለበትም፣ አምፖል ፈትቶ አምፖል መግጠም ነው። እኔ የማልመክረው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ እንግዳ ወይም ልጅ ግድግዳው ላይ ማብሪያውን ካጠፋው አምፖሉ ኃይል ስለማያገኝ ከስልኩ ላይ ምንም ብትጫኚ አይሰማሽም። ሁለተኛው የእኛ አገር ጉዳይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አብዛኞቹ ስማርት አምፖሎች፣ ማስተካከያው ካልተነካ በቀር፣ በርተው ነው የሚነሡት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ የመኝታ ቤቱ፣ የሳሎኑ፣ የኮሪደሩ አምፖል በአንዴ ቦግ ይላል። መተግበሪያው ውስጥ «ኃይል ሲመለስ እንደነበረው ይሁን» የሚል ምርጫ ያላቸው አሉ፤ የሌላቸውም አሉ። ለአንድ የራስጌ መብራት ይሁን፣ ለቤት ሙሉ ግን አይሆንም።

ጃንክሽኑ ውስጥ የምትገባዋ ሞጁል

ብዙ ሰው የማያስባት፣ እኔ ግን የምወዳት አማራጭ ይህች ናት። ከክብሪት ሳጥን እምብዛም የማትበልጥ ሞጁል ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ላይ ጃንክሽኑ ውስጥ ትገባለች። ጃንክሽኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ፌዙም፣ ኒውትራሉም፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደውም። ወደ ማብሪያው የወረዱት እነዚያ ሁለት ሽቦዎች ደግሞ አምፖሉን መሸከማቸው ይቀርና ለሞጁሏ «ተጫንኩ» ብለው የሚናገሩ መልእክተኞች ይሆናሉ። ተራው ማብሪያ ማጥፊያ እንዳለ ይቀራል፣ ግድግዳ አይነካም፣ ኒውትራልም አይወርድም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «መልእክተኛ ብቻ ናቸው» ብሎ በእጅ የሚነካ እንዳይኖር፣ እነዚያ ሽቦዎች ላይ አሁንም 220 ቮልት አለ።

ታዲያ ለምን ይህን ብቻ መርጠን አንጨርስም? ጃንክሽኑን ማግኘት ስላለብን ነው። እኔ በምኖርበት ቤት ከስምንት ጃንክሽን ስድስቱ በልስን ተደፍነው፣ ቀለም ተቀብተው ነው የተረከብኩት። የሠራው ሰው «ግድግዳው እንዲያምር ብዬ ነው» አለኝ። አንድ መስመር ሲቋረጥ ጃንክሽኑ የት እንዳለ ለማወቅ ግድግዳውን እንደ ሐብሐብ በጣቴ እያንኳኳሁ ነው የፈለግሁት።

ሌላው ሙቀት ነው። እነዚህ ሞጁሎች ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አካባቢ እንዲሠሩ ተብለው ነው የሚመረቱት፤ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ እኩለ ቀን ላይ ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆርቆሮ በታች ያለውን ቦታ ገብቶ ያየ ሰው 40 ዲግሪ እዚያ ውስጥ ጠዋት ላይ እንደሚታለፍ ያውቃል። ስለዚህ ጃንክሽኑ ከኮርኒስ በላይ ከተደበቀ ሞጁሏን እዚያ ማስገባት ዕድሜዋን ማሳጠር ነው። ግድግዳው ላይ፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ በክዳን የሚከፈት ሆኖ ከተቀመጠ ግን ደህና ናት።

ሐረር ጁገል ውስጥ የድንጋይ ቤት ላላቸው ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅማቸው ምናልባት ይህች ክፍል ብቻ ናት። ያንን ወፍራም ግድግዳ ለአንዲት ሽቦ ብሎ የሚቦረቡር ሰው አይኑር። ሞጁሏን አምፖሉ አጠገብ ወዳለው ጃንክሽን፣ ማብሪያውን ደግሞ በባትሪ የሚሠራና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቁልፍ ማድረግ ይሻላል። ግድግዳው የሬዲዮውንም ሞገድ ስለሚያፍን ከመግዛት በፊት ስልኩን ይዞ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ዋይፋዩ የት ድረስ እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል።

ኒውትራሉን አሁን ማውረድ ስንት ሜትር ይፈጃል?

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈራው ወጪውን ነው። «ለእያንዳንዱ ማብሪያ ተጨማሪ ሽቦ» ሲባል ቤቱ በእጥፍ ሽቦ የሚሠራ ይመስላል። እህቴም «ይሄማ ለሀብታም ነው» ብላ ነበር። ሜትር ይዘን ለካነው።

ቤቷ አንድ ፎቅም የለውም፣ ሦስት መኝታ ቤትና ሳሎን ነው። የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ተቆጥረው 14 ሆኑ። ጃንክሽኖቹ ግድግዳው ላይ ከወለሉ 2.6 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ ማብሪያዎቹ 1.2 ሜትር ላይ። ኒውትራሉ ጃንክሽኑ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ፣ ወደ አምፖል ሲያልፍ እዚያ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ የሚጎድለው ከጃንክሽኑ እስከ ማብሪያው ያለችው ቁልቁለት ብቻ ናት፤ 1.4 ሜትር። በሁለቱም ጫፍ ለማሰሪያ 20 ሳንቲሜትር ሲጨመርበት 1.8 ሜትር። በ14 ሲባዛ 25 ሜትር ገደማ ነው፤ የባለ 1.5 ካሬ ሽቦ አንድ ባለ 100 ሜትር ጥቅል ሩብ ማለት ነው። እህቴ ለሳሎኑ መጋረጃ ዘንግ ከዚያ በላይ ልታወጣ እያሰበች ነበር።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ጃንክሽን ባለው አዘረጋግ ነው። ሶሌታ ያለው ቤት ሆኖ ቱቦው ከአምፖሉ ነጥብ በቀጥታ ወደ ማብሪያው ከሄደ፣ ኒውትራሉ የሚመጣው ከአምፖሉ ዘንድ ስለሆነ ለአንድ ማብሪያ አራት ሜትር ከምናምን ይፈልጋል፤ ለ14 ቦታ 60 ሜትር ገደማ። አሁንም ጥቅል አይሞላም። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን በገንዘብም አይገኝም፣ ስለዚህ ሶሌታ የሚያስሞላ ሰው ቶሎ መወሰን አለበት።

«ሽቦውን ተዪና ሰፊ ቱቦ ብቻ አስቀብሪ፣ ሲያስፈልግ ይጎተታል» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቱቦውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሽቦ ይለወጣል፣ ቱቦ ግን ልስን ውስጥ ነው። ችግሩ አንድ ነገር ላይ ነው። ኤሌክትሪሺያኖቻችን ማብሪያው ላይ ሦስት አራት ሽቦ ነው የሚያስቡት፣ ስለዚህ ባለ 16 ሚሊሜትሩን ተጣጣፊ ቱቦ ይቀብራሉ። የውስጡ ስፋት 11 ሚሊሜትር እንኳ በወጉ አይሞላም። የሳሎኗ ማብሪያ ባለ አራት ቁልፍ ነው፤ አንድ ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አራት ወደ አምፖሎቹ የሚመለሱ፣ አንድ ኧርዝ፣ በድምሩ ሰባት ሽቦ። ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ ከነልባሱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ሰባቱ ተደምረው የባለ 16ቱን ቱቦ ሆድ ከግማሽ በላይ ይሞሉታል። ልማዱ ከአርባ በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ ካለፈ ሽቦው ሲጎተት ልባሱ ይላጣል፣ በኋላ አንዱን ለመለወጥ ሲሞከር ሁሉም ተያይዞ ይመጣል። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ውስጡ 14 ገደማ ስለሆነ ሰባቱ ሽቦ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይይዛሉ። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ ለዚያች ቁልቁለት ብቻ ስለሆነ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ውሳኔያችን ስለዚህ ሁለቱም ሆነ፤ ኒውትራል በ14ቱም ቦታ፣ ከጃንክሽን ወደ ማብሪያ የሚወርደው ቱቦ ሁሉ ባለ 20። ባዶ ቱቦ፣ ማለትም ሽቦ የሌለበት፣ ሲባጎ ብቻ አልፎበት የሚቀር፣ ለጥቂት ቦታ ብቻ ተውን። ቤቱን ሙሉ ባዶ ቱቦ ማስቀበር አያስፈልግም፣ ማንም አይጠቀምበትም። የውጭው በር ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ካሜራ ወይም ደወል ይመጣል። የውሃ ታንከሩ ይፈልጋል። ቬንትሌተሩም፣ እሱ ድሬ ላይ ከመብራቱ እኩል ነውና፣ ከማብሪያው እስከ ኮርኒሱ መንጠቆ ድረስ የራሱን ፌዝ ይፈልጋል። ቬንትሌተርና አምፖል በአንድ ሽቦ ከታሰሩ ለየብቻ ማዘዝ አይቻልም። ቬንትሌተርን ደግሞ ለመብራት ማደብዘዣ በተሠራ ስማርት ማብሪያ ማዞር አይሞከር፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል።

አንድ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ የማብሪያው ሳጥን ጥልቀት። ስማርት ማብሪያው ከኋላው ወፍራም ነው፤ ጥልቀቱ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ ሳጥን ውስጥ ሰባት ሽቦ ታጥፎ እሱም ገብቶ ብሎኑ አይደርስም። አምስት ሳንቲሜትር ገደማ የሚጠልቀውን መግዛት ነው። ቅርጹንም ቀድሞ መምረጥ ይገባል። ባለ 86 ሚሊሜትር ካሬው ብዙ ዓይነት ስማርት ማብሪያ ይገኝለታል፤ ረዥሙ አራት ማዕዘን ከተቀበረ ግን ምርጫው ይጠባል። ታይዋን ገበያ ሄዶ አንዱን ተራ ማብሪያና አንዱን ስማርት ማብሪያ ይዞ ከሳጥኑ ጋር ማጋጠም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መልእክቱ

«እርስዎ ልበለው እንዴ?» አለችኝ፣ ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጣት። ድሬ ላይ ለኤሌክትሪሺያን «እርስዎ» ተብሎ ቢጻፍ የተጣላን ይመስለዋል አልኳት። እንዲህ አድርገን ላክነው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ? ልስኑ ሰኞ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት እነዚህን ነገሮች እንድታደርግልኝ ነው። ወደፊት ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ልናስገባ አስበናል።

በ14ቱም ማብሪያ ቦታ ከጃንክሽኑ አንድ ኒውትራል ይውረድልኝ፣ ባለ 1.5 ካሬ፣ ሰማያዊ። ኒውትራሉ የዚያው የመብራት መስመር ይሁን፤ ከሶኬት መስመር ወይም ከሌላ ብሬከር እንዳይወሰድ። ኧርዙን በኒውትራል ቦታ በፍጹም አትጠቀምብኝ። አሁን የምንገጥመው ተራ ማብሪያ ስለሆነ ኒውትራሉን 20 ሳንቲሜትር ትርፍ ተውለትና ጫፉን በኮኔክተር ዝጋው፤ በቴፕ ብቻ አትጠቅልለው፣ በሙቀቱ ይላቀቃል።

ከጃንክሽን ወደ ማብሪያ የሚወርደው ቱቦ ሁሉ ባለ 20 ይሁን። የማብሪያ ሳጥኑ ባለ 86 ካሬ፣ 5 ሳንቲሜትር ገደማ የሚጠልቀው ነው፤ እኔ ገዝቼ አመጣለሁ። ጃንክሽኖቹ በልስን እንዳይደፈኑ፣ ክዳናቸው ከግድግዳው ጋር እኩል ሆኖ ይታይ።

ሦስት ባዶ ቱቦ ሲባጎ አልፎበት ይቅርልኝ፦ ከብሬከር ቦርዱ ወደ ውጭው በር፣ ከቦርዱ ወደ ውሃ ታንከሩ፣ ከሳሎኑ ዋይፋይ ቦታ ወደ ኮሪደሩ። በአንድ ቱቦ ላይ ከሁለት በላይ ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ ካለ መሃሉ ላይ ሳጥን ጨምርልኝ። ሳሎንና ሁለቱ መኝታ ቤት ላይ ቬንትሌተሩ ከአምፖሉ የተለየ ፌዝ ይኑረው።

ለተጨማሪው ሥራና ዕቃ ስንት እንደምትጠይቀኝ ዛሬ ማታ ንገረኝ። ልስን ሳይመታ ቅዳሜ ወንድሜ መጥቶ አብራችሁ ትፈትሻላችሁ፣ ፎቶም እናነሳለን።»

መልሱ በድምፅ መጣ። «አቦ እንዲህ አድርገሽ ብትነግሪኝማ ድሮስ ምን ቸገረኝ!» ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ ዋጋውን ነገራት፣ ጥቂት ተከራከሩ፣ ተስማሙ።

ስለ ኧርዙ ያለችውን ዓረፍተ ነገር አንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን እንደ ስድብ ይወስዳታል፣ ግን አትውጣ። ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሲጠፋና ኧርዝ ሲገኝ፣ ኤን የተጻፈበት ቦታ ላይ ኧርዙን የሚያስር ሰው አይቻለሁ። ማብሪያው ይሠራል፤ ቴስተሩም ከፌዝ ወደ ኧርዝ 220 ቮልት ያሳያል፣ ልክ እንደ ኒውትራል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። አንድ ማብሪያ አምስት ሚሊአምፔር ገደማ ነው ወደ ኧርዙ የሚለቀው፤ ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ በአንድ ማብሪያ ምንም አይለውም። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ማብሪያ ሲገጠም ግን ቤቱ ያለ ምክንያት እየቆረጠ ባለቤቱን ያሳብዳል። አርሲዲ የሌለበት ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ ኧርዙ መሬቱ ጋ ከተቋረጠ ያ ከረንት መሄጃ አጥቶ የማጠቢያ ማሽኑና የፍሪጁ ብረት ላይ ቁጭ ይላል።

ቅዳሜ የሆነው

ፍተሻው እንዲህ ነው። ዋናው ብሬከር ይጠፋል፣ ሁሉም ሽቦ በቴስተር ሙት መሆኑ ይረጋገጣል፤ አምፖል ካለ ይፈታል። ቦርዱ ላይ የመብራት መስመሩ ኒውትራል ከባሩ ይነቀላል። ከዚያ መልቲሜትሩ ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ ይደረግና አንዱ ጫፍ በተነቀለው ኒውትራል ላይ፣ ሌላው ጫፍ ማብሪያ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ሰማያዊ ላይ። ርቀቱን ለመድረስ ረዘም ያለ ሽቦ መቀጠል ያስፈልጋል። ጢጥ ማለት አለበት። ቦርዱ ላይ የቀሩት ኒውትራሎች ካሉበት ባርና ከኧርዙ ባር ጋር ሲሞከር ደግሞ ዝም ማለት አለበት። ቀለም ማየት ብቻ አይበቃም፣ ሰማያዊ ልባስ ማንም ያለብሳል።

አስራ ሦስቱ ጢጥ አሉ። የበረንዳው ዝም አለ። ቀጥለን ባሩ ላይ ሞከርነው፣ ጢጥ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ አንገቱን አከከ። የበረንዳው ማብሪያ ከታቹ ሶኬት አለ፣ ጃንክሽኑ ደግሞ ከጥጉ ማዶ ነው፤ ረዳቱ ልጅ ርቀቱን አይቶ ኒውትራሉን ከሶኬቱ መስመር ወደ ላይ ስቦታል። አርባ ሳንቲሜትር ሽቦ ተቆጥቧል። መብራቱ ሲበራ ምንም አይታወቅም ነበር። ሶኬቱና መብራቱ በተለያየ አርሲዲ ሥር ስለሆኑ ግን ስማርቱ በተገጠመ ቀን በአንዱ የገባው ከረንት በሌላው ይመለስና፣ እንዲህ ያለ ማብሪያ ጥቂት ሲጠራቀም ሁለቱም መቁረጥ ይጀምራሉ። ከዚያ የባሰው፣ አንድ ሰው ሶኬቱን ሊጠግን የሶኬቱን ብሬከር ብቻ አጥፍቶ ኒውትራሉን ሲፈታ ነው፤ ከመብራት መስመሩ በማብሪያው በኩል የመጣ ፌዝ በዚያ «ሙት» ኒውትራል ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል።

ልጁ እየተቆጣ ያለውን አለቃውን ቀና ብሎም አላየ። አዲስ ሰማያዊና አዲስ ፌዝ ሽቦ አንድ ላይ ከበረንዳው አሮጌ ፌዝ ጫፍ ጋር አሰረና ከላይ ከጃንክሽኑ ጎተተ፣ አሮጌው ወጣ፣ ሁለቱ አዲሶች ተከትለውት መጡ፤ አዲሱን ፌዝ በአሮጌው ቦታ አሰረው። ቱቦው ባለ 20 ስለነበር አሥር ደቂቃም አልፈጀ። የተነቀለውን የሶኬት ሽቦ ቆርጦ ኪሱ ከተተው። እህቴ 14ቱንም ሳጥን ከነጃንክሽናቸው፣ ሜትሩን አጠገባቸው ዘርግታ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች፤ ሰኞ ጠዋት ልስኑ ተመታ።